ሰው ሰርች የሚያደርገው ሕመሙን እንጂ የበሽታውን ስም አይደለም

«የፕሮክሲሚቲ ሴንሰር አሠራርና ጥገና»። አንድ ስልክ ጠጋኝ ለቪዲዮው ይህን ርዕስ ሰጠው እንበል። ቪዲዮው ጥሩ ነው። ምስሉ ይጠራል፣ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ እያንዳንዷን ብሎን ከየት እንዳወጣት ያሳያል።

በዚያው ቀን አንዲት ሴት ስልክ ስትደውል ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠፋባታል። ገና ጆሮዋ ጋ አላደረሰችውም። ማውራቱን ታወራለች፤ መዝጋት ግን አትችልም። ወዲያ ያለው ሰው እስኪዘጋው ትጠብቃለች። ዩቲዩብ ገብታ የምትጽፈው «ስልክ ስደውል ስክሪኑ ይጠፋል» ብላ ነው። ፕሮክሲሚቲ የሚባል ነገር በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። መልሷ ያለው እዚያ ጠጋኝ ቪዲዮ ውስጥ ነው። ሁለቱ ግን አይገናኙም።

ሎንግ ቴይል ስለሚባሉት ቁልፍ ቃላት ብዙ ተብሏል። ለአስተማሪ ቪዲዮ ሠሪ ግን ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ መተላለፍ ነው። ባለሙያው ርዕስ የሚሰጠው በምክንያቱ ነው። ፈላጊው የሚጽፈው በዓይኑ ያየውን ነው።

ራስና ጅራት

ስሙ የመጣው ከአንድ ሥዕል ነው። ሰዎች የሚፈልጓቸውን ሐረጎች ሁሉ በብዛታቸው ቅደም ተከተል ደርድሩ። ከግራ በኩል «ኤክሴል»፣ «ስልክ ጥገና» የሚባሉት ይቆማሉ። በጣም ብዙ ሰው ይጽፋቸዋል፣ ስለዚህ ከፍ ብለው ይታያሉ። ይህ ራሱ ነው። ወደ ቀኝ በሄድን ቁጥር መስመሩ ይወርድና መሬት ለመሬት እየተሳበ ይቀጥላል። እያንዳንዱን ሐረግ የሚጽፈው ጥቂት ሰው ነው፤ ሐረጎቹ ግን አያልቁም። ያ ነው ጅራቱ። አገላለጹን ያስፋፋው ክሪስ አንደርሰን ሲሆን፣ በ2004 ዋየርድ በተባለው መጽሔት ላይ በጻፈው ጽሑፍ ነው። እሱ ያወራው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚሸጡ መጻሕፍትና ሙዚቃዎች ነበር፤ ተደምረው ምን ያህል እንደሚሆኑ። የፍለጋ ባለሙያዎች ቃሉን ወስደው ለራሳቸው አደረጉት።

ጅራቱ ምን ያህል እንደሚረዝም ለመገመት አንድ ቁጥር ይበቃል። ጉግል በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ እንደተናገረው፣ በየቀኑ ከሚገቡለት ፍለጋዎች 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት አይቷቸው የማያውቁ ናቸው። ይህ የጉግል ፍለጋ ቁጥር ነው፣ የዩቲዩብ አይደለም። ሰው ችግሩን በስንት ዓይነት አባባል እንደሚጽፈው ግን ያሳያል።

እዚህ ጋ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙዎች «ሎንግ ቴይል ማለት ብዙ ቃላት ያሉት ሐረግ ነው» ይላሉ። ረጅም የተባለው ጅራቱ እንጂ ሐረጉ አይደለም። «ኤክሴል ከዜሮ ጀምሮ ለጀማሪዎች ሙሉ ትምህርት» ስድስት ቃል ነው፣ ግን ራሱ ጋ የቆመ ነው፤ ሁሉም ይጽፈዋል፣ ሁሉም ይሠራበታል። `#SPILL!` ደግሞ አንዲት ቃል ናት። የሚጽፋት ግን ኤክሴል ሴሉ ላይ ያንን ስሕተት ያወጣበት ሰው ብቻ ነው። ይህች ጅራት ናት። ጠባብነቱን የሚወስነው የቃሉ ብዛት ሳይሆን ሐረጉ ስንት ዓይነት ሰው ይጽፈዋል የሚለው ነው።

ሰፊው ቃል ለምን ያንገላታል?

«ፉክክሩ ብዙ ስለሆነ» የሚለው መልስ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከፈላጊው ይመጣል። «ስልክ ጥገና» ብሎ የጻፈ ሰው ምን ፈልጎ ነው? አንዱ ሙያውን መማር ይፈልጋል። አንዱ ስልኩ ውኃ ገብቶበት ደንግጧል። አንዱ ደግሞ ምንም የተበላሸበት ነገር የለም፤ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የተሰባበረ አሮጌ ስልክ እንደ አዲስ ሲታደስ ማየት ደስ ስለሚለው ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች ቀላል ቁጥር የለውም። ቪዲዮአችሁ ለሦስቱም ፊት ቢቀርብ ሁለቱ ዝም ብለው ያልፉታል።

ዩቲዩብ ይህን ማለፍ ይቆጥራል። ፍለጋው እንዴት እንደሚሠራ ራሱ ሲያብራራ ሦስት ነገር ይጠቅሳል። አንደኛው ርዕሱ፣ መግለጫውና ይዘቱ ከተጻፈው ሐረግ ጋር መገጣጠሙ ነው። ሁለተኛው የሰዎች አያያዝ ነው፤ ለምሳሌ ያንን ሐረግ ጽፈው የመጡ ሰዎች ያንን ቪዲዮ ምን ያህል ጊዜ እንዳዩት። ሦስተኛው የቻናሉ ተአማኒነት ነው። ሁለተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። የሚታየው ቪዲዮው ባጠቃላይ ስንት ሰው እንዳየው ብቻ ሳይሆን፣ ለዚያ ለተወሰነ ፍለጋ ምን ያህል እንደሠራ ጭምር ነው።

ከዚህ የሚከተለውን አስቡት። «ኤክሴል» በሚለው ቃል ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ማስረጃ ያላቸው የብዙ ሰዓት ትምህርቶች ተቀምጠዋል። አዲስ ቻናል እነሱን ለመንቀል የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። ሰው ባልሰፈረበት ሐረግ ላይ ግን ሐረጉን ጽፈው የመጡ ጥቂት ሰዎች ገብተው እስከ መፍትሔው ካዩ፣ ያ ማስረጃ ይሆናል። ትንሽ ቻናል በጅራቱ በኩል የሚገባው ስለሚያሳዝን አይደለም። እዚያ ጋ የሚጠየቀው ማስረጃ ትንሽ ስለሆነ ነው።

አንድ ቪዲዮ ከባዶ እንሥራ

በኤክሴል እንሂድ። ርዕሰ ጉዳያችን `VLOOKUP` ነው፤ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ኮድ ፈልጎ አጠገቡ ያለውን ዋጋ የሚያመጣልን ፎርሙላ። «VLOOKUP አጠቃቀም» ብለን ብንሠራ ራሱ ጋ ነን። ወደ ጅራቱ እንውረድ።

መጀመሪያ ኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈቱ፤ በራሳችሁ አካውንት ከገባችሁ የቀድሞ ፍለጋችሁ ጥቆማውን ይበርዘዋል። የዩቲዩብ መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ `VLOOKUP` ጻፉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ከሥር የሚዘረገፉት ጥቆማዎች ሰዎች በእውነት የሚጽፏቸውን ነገሮች መነሻ አድርገው የሚመጡ ናቸው። ስንት ሰው እንደጻፋቸው አይነግሯችሁም፣ የሚጽፍ ሰው መኖሩን ግን ይነግሯችኋል። ቀጥላችሁ ቃል ጨምሩ። «VLOOKUP አይሠራም»። «VLOOKUP #N/A»። እዚህ ስትደርሱ ሽታው ይለወጣል። ከዚህ በፊት የነበረው ተማሪ ነው፤ ይህኛው ግን ሥራ ላይ ሆኖ የተቸገረ ሰው ነው።

ቀጥሎ የምንሄደው ብዙ ሰው የማይደርስበት ቦታ ነው። በሰፊው ቃል ላይ የነገሠውን ትልቁን ቪዲዮ ክፈቱና አስተያየቶቹን አንብቡ። «እናመሰግናለን»ን እለፉት። የምንፈልገው «እንዳልከው አደረግኩ፣ ግን የኔ #N/A ይለኛል፣ ቁጥሩ ደግሞ እዚያው አለ» የሚለውን ዓይነት ነው። ይህ ወርቅ ነው። ትልቁ ቪዲዮ ያልመለሰው ጥያቄ ነው፤ በዚያ ላይ በፈላጊው በራሱ አንደበት የተጻፈ ነው። እኔ ከየትኛውም የቁልፍ ቃል መሣሪያ ይልቅ ይህን አምናለሁ። መሣሪያዎቹ ለትንንሽ ሐረጎች ብዙ ጊዜ «0» ያሳያሉ። ያ ዜሮ «ማንም አይፈልገውም» ማለት ላይሆን ይችላል። ሐረጉ ሰባራ ሆኖ በአሥር ዓይነት አጻጻፍ ተበታትኖ ይሆናል።

ስለዚህ ሐረጋችንን አገኘን፦ «VLOOKUP #N/A ይላል፣ ቁጥሩ ግን አለ»። አሁን የውጤት ገጹን ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮዎች ይህን ሁኔታ በርዕሳቸው ይጠሩታል? ወይስ ሁሉም «VLOOKUP ሙሉ ትምህርት» ናቸው? ሁለተኛው ከሆነ ቦታው ክፍት ነው። ዩቲዩብ የተሻለ ስላጣ ነው ሰፊውን ያቀረበው።

ቪዲዮው ውስጥ ምን እንደሚገባ ለመወሰን ምክንያቶቹን እንወቅ። በዓይን የሚታየው ኮድ እያለ ፎርሙላው የሚያጣው ባብዛኛው በሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው፣ ቁጥሩ በአንዱ ሰንጠረዥ ቁጥር ሆኖ በሌላው ጽሑፍ ሆኖ ሲቀመጥ ነው። ከሌላ ሲስተም የወጣ ፋይል ላይ ይህ የዘወትር ጉዳይ ነው። 1045 እና 1045 ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለኤክሴል ግን አንዱ ቁጥር፣ አንዱ ፊደል ነው። ሴሉ ግራ ጫፍ ላይ ከላይ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ካለች ጠርጥሩ። ማረጋገጫው ይኸው፦

```
=ISNUMBER(A2)
=ISNUMBER(F2)
```

አንዱ TRUE፣ ሌላው FALSE ካለ ተገኘ። የምንፈልገው ኮድ ጽሑፍ ሆኖ ሰንጠረዡ ቁጥር ከሆነ እንዲህ ይስተካከላል፦

```
=VLOOKUP(VALUE(A2),F:G,2,FALSE)
```

በተገላቢጦሽ ከሆነ `VALUE(A2)` የሚለው ቦታ `A2&""` ይገባል።

ሁለተኛው የማይታይ ክፍተት ነው። «K204» አራት ፊደል ነው፤ `=LEN(A2)` ግን 5 ካለ ኋላው ላይ አንድ ስፔስ ተደብቋል። `TRIM` ይጠርገዋል። እዚህ ጋ ብዙ ቪዲዮዎች ይቆማሉ፣ ተመልካቹም ሞክሮት አልሠራ ይለዋል። ከድረ ገጽ የተገለበጠ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ሌላ ዓይነት ስፔስ ነው፤ ቁጥሩ 160 ነው፣ `TRIM` ደግሞ አይነካውም። እሱን የሚያወጣው ይህ ነው፦

```
=SUBSTITUTE(A2,CHAR(160),"")
```

ሦስተኛው ቀላሉ ነው። `VLOOKUP` የሚፈልገው ከመረጣችሁለት ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ዓምድ ውስጥ ብቻ ነው። ኮዱ ሁለተኛው ዓምድ ላይ ካለ አያየውም።

አሁን አንድ ጥያቄ ይመጣል። ሦስት ምክንያት ስላለ ሦስት ቪዲዮ ልሥራ? ሎንግ ቴይልን የተማረ ሰው ወዲያው «አዎ፣ አጥብበው» ይላል። እኔ አልስማማም። «በኤክሴል ውስጥ CHAR(160)ን ማስወገድ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው። የእኛ ፈላጊ ደግሞ ምክንያቱን አያውቅም። ከሦስቱ ቪዲዮዎች የትኛውን እንደሚከፍት በምን ያውቃል? አንዱን ይከፍታል፣ የእሱ ጉዳይ አይሆንም፣ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ፣ መጀመሪያው ላይ ምርመራ፣ ከዚያ ሦስቱ መንገዶች።

የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ ቪዲዮን የምንከፍለው ተመልካቹ በዓይኑ ልዩነቱን ማየት በሚችልበት ቦታ ነው። `#N/A` እና `#REF!` ስክሪኑ ላይ ተለያይተው ይታያሉ። የሁለቱ ፈላጊዎች የተለያየ ነገር ይጽፋሉ። ሁለት ቪዲዮ ይገባቸዋል። የተደበቀ ስፔስና ጽሑፍ የሆነ ቁጥር ግን ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ ቪዲዮ ይበቃቸዋል።

ስልክም ላይ እንዲሁ ነው። ስደውል ስክሪኑ ይጠፋል የሚለው ነገር ምክንያቱ ሴንሰሩን የሸፈነ መስታወት፣ የገባ አቧራ ወይም ስክሪን ሲቀየር በትክክል ያልተቀመጠ ክፍል ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋ ግን የምታየው አንድ ነገር ነው፤ ጨለማ።

ርዕሱና የመጀመሪያው 20 ሰከንድ

የዩቲዩብ ርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቅዳል። ስልክ ላይ ግን መጨረሻው ይቆረጣል። ስለዚህ ሕመሙ ይቅደም፣ መድኃኒቱ ይከተል፦ «VLOOKUP #N/A ይላል ቁጥሩ ግን አለ፦ 3 ምክንያትና መፍትሔ»። የቻናሉ ስም፣ «ክፍል 7»፣ «በቀላሉ» የሚሉት ከፊት ሆነው ቦታ አይብሉ። የስሕተቱን ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እንዳለ አስቀምጡት። «ኤንኤ» ብሎ በፊደል መጻፍ አይጠቅምም፤ ሰው የሚገለብጠው ያየውን ምልክት ነው።

ቪዲዮው ሲከፈት የመጀመሪያው ምስል ራሱ ስሕተቱ ይሁን። በግራ 1045፣ በቀኝ 1045፣ መሐል ላይ `#N/A`። ተመልካቹ «ይኸው የኔ ነገር!» ማለት አለበት። «ሰላም ወዳጆቼ፣ ወደ ቻናላችን እንኳን በደህና መጣችሁ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ…» የሚለው ሠላሳ ሰከንድ በጅራቱ ላይ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። የመጣው ሰው ሥራው ቆሞበታል። አለቃው እየጠበቀው ሊሆን ይችላል።

ምዕራፍ መክፈያ ሰዓቶችን መግለጫው ውስጥ ጻፉ። እንዲሠሩ የመጀመሪያው 0:00 መሆን አለበት፣ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋሉ፣ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም።

```
0:00 #N/A ይላል፣ ቁጥሩ ግን አለ
0:20 የትኛው ችግር እንደሆነ መለየት
1:05 ቁጥሩ ጽሑፍ ሆኖ ሲቀመጥ
2:30 የማይታይ ስፔስ፣ TRIM ሲያቅተውም
3:50 ዓምዱ የመጀመሪያው ካልሆነ
```

ታግ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ዩቲዩብ ራሱ ቪዲዮን በማስገኘት በኩል ድርሻቸው ትንሽ እንደሆነ ይናገራል። የሚጠቅሙት ሰው አሳስቶ ለሚጽፋቸው ቃላት ነው ይላል። በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ይህች ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ትላለች። ኤክሴል፣ ኤክሰል፣ ኢክሴል። ቻርጅ፣ ቻርጀር፣ ቻርጂንግ። «ሃይል» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «ኃይል» ብሎ የሚጽፍም አለ። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍም ሞልቷል። ርዕሱ ላይ ሁሉንም መደርደር ያስጠላል። ታጉ ላይ ግን ማንም አያያቸው፤ እዚያ ይግቡ።

ከወር በኋላ ምን እናነባለን?

የጅራት ቪዲዮ በወጣ በሁለተኛው ቀን አይፈረድበትም። የሚኖረው በፍለጋ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። አራት ሳምንት ስጡት። ከዚያ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ የቪዲዮውን `Analytics` ክፈቱና ተመልካች ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ክፍል ፈልጉ። `YouTube search` የሚለውን ስትነኩት ሰዎች የጻፏቸው ሐረጎች ይዘረዘራሉ።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር እንስጠው። ቪዲዮው 310 ጊዜ ታየ፣ ከዚህ 190ው ከፍለጋ መጣ እንበል። 310 ቁጥር ስታዩ ፊታችሁ ሊጠቁር ይችላል። ቁጥሩን ለጊዜው ተዉትና ዝርዝሩን አንብቡ። «vlookup n/a» ዓይነት ሐረጎች ከላይ ካሉ ርዕሱ የታለመለትን መትቷል። ከላይ ያለው ጥሬው «vlookup» ብቻ ከሆነና እነዚያ ሰዎች ቶሎ የሚወጡ ከሆነ፣ ዩቲዩብ ጀማሪ ተማሪዎችን እየላከላችሁ ነው፤ ርዕሱ ሕመሙን በደንብ አልጠራም። ከሥር ደግሞ ያላሰባችሁት ነገር ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ «vlookup በሁለት ፋይል መካከል አይሠራም» የሚል፣ 11 ሰው የመጣበት። ቪዲዮአችሁ ለዚያ መልስ የለውም። ሰዎቹ ግን መጥተዋል። የሚቀጥለው ቪዲዮ ርዕስ ይህ ነው፣ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም።

ሌላው የምታዩት ቪዲዮው ከቀረበላቸው ሰዎች ስንቱ እንደነኩት ነው። ዩቲዩብ እንደሚለው የግማሹ ቻናልና ቪዲዮ ቁጥር ከ2 እስከ 10 በመቶ መሐል ይወድቃል። ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ጥቂት ሰው ፊት ቀርቦ ብዙው ከነካው፣ ጠባብ ግን ትክክለኛ ሐረግ ይዛችኋል። ብዙ ሰው ፊት ቀርቦ ማንም ዞር ብሎ ካላየው፣ ሳታስቡት ሰፊው ባሕር ውስጥ ገብታችኋል። ተነክቶ በ15 ሰከንድ ከተተወ ደግሞ ርዕሱ የገባውን ቃል መክፈቻው አልጠበቀም ማለት ነው።

ተመልካች ቪዲዮውን ሳይጨርስ መውጣቱ ግን ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ላይ 2:20 ደርሶ የሄደ ሰው ምናልባት ችግሩ የመጀመሪያው ምክንያት ሆኖ፣ ፎርሙላውን ገልብጦ፣ ወደ ሥራው ተመልሶ ነው። የአቆያየት ግራፉን ተመልከቱ። ፎርሙላው በሚጻፍበት ቅጽበት ላይ መስመሩ ጉብ ካለ ሰዎች መልሰው እያዩት ነው፤ እያቆሙ እየገለበጡ ነው። ያ ጉብታ የሚያስደስት ነገር ነው። የሚያስፈራው መስመሩ መጀመሪያው ላይ ገደል ሲገባ ነው።

የማይሠራበት ቦታ

ጅራቱ ያልቃል፤ ስትጠብቡ ስትጠብቡ ማንም የሌለበት ቦታ ትደርሳላችሁ። መለያው ቀላል ነው። ሳጥኑ ውስጥ ስትጽፉት ምንም ጥቆማ የለም፣ ከአስተያየቶችም ውስጥ ማንም አላነሳውም፣ በአካል የጠየቃችሁ ሰውም የለም። ሦስቱም ባዶ ከሆኑ ተዉት።

ያረጃልም። በስልክ ሞዴል ስም የታሰረ ቪዲዮ ዕድሜው የሞዴሉ ዕድሜ ነው። ስልኩ ከሰው እጅ ሲወጣ ፍለጋውም ይሞታል። ኤክሴል ላይ የዘመን ጉዳይ ግልብጥ ብሎ ይጠቅማል። `XLOOKUP` የሚባለው አዲሱ ፎርሙላ በኤክሴል 2016 እና 2019 ውስጥ የለም። አዲሱ ላይ የተሠራ ፋይል አሮጌው ላይ ሲከፈትና ሲሰላ `#NAME?` ሊል ይችላል፣ ፎርሙላው ውስጥም ማንም ያልጻፈው `_xlfn.` የሚል ነገር ይታያል። ያንን የሚያየው ሰው ደንግጦ እንዳለ ገልብጦ ይፈልገዋል። አሮጌ ኤክሴል ያላቸው መሥሪያ ቤቶች እስካሉ ድረስ ይህ ሐረግ ፈላጊ አለው።

ሦስተኛው ፈተና ከሠሪው ስንፍና የሚመጣ ነው። አንድ ጥገና ቀርጾ፣ የሞዴሉን ስም ብቻ እየቀየረ አሥር ቪዲዮ ማውጣት። አሥሩ እርስ በርሳቸው ይሻማሉ። ዩቲዩብም ለገቢ ሲመዝን ተመሳሳይ ነገር በገፍ የሚያባዛ ቻናል አይወድም። ጥገናው በሞዴሎቹ ላይ በእውነት የሚለያይ ከሆነ፣ ማለትም ብሎኑ፣ ማያያዣው ወይም አከፋፈቱ ሌላ ከሆነ ብቻ ለየብቻ ሥሩ።

የጅራት ተመልካች ቤተሰብ እንደማይሆንም ልናገር። ችግሩ ሲፈታ ይሄዳል፤ ስማችሁንም ላያስታውስ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ሰፊው ቃል ተራው የሚደርሰው። ስለ `VLOOKUP` ስሕተቶች ስምንት ዘጠኝ ጠባብ ቪዲዮ ያለው ሰው በአንድ ፕሌይሊስት ሰብስቦ፣ ከዚያ «VLOOKUP» የሚለውን ሰፊ ትምህርት ቢሠራ፣ ትምህርቱ ውስጥ ሰው የት ጋ እንደሚሰናከል አስቀድሞ ያውቃል። ስምንት ጊዜ ተነግሮታል። ያኔም ቢሆን ትልልቆቹን ይገለብጣል ማለት አይደለም፤ ባዶ እጁን ግን አይደለም።

ወደ ጠጋኙ ልመለስ። ቪዲዮውን እንደገና መቅረጽ አያስፈልገውም። ርዕሱን ስቱዲዮ ውስጥ ገብቶ «ስልክ ስደውል ስክሪኑ ይጠፋል፣ መዝጋት አልቻልኩም» ብሎ ይቀይረዋል። «ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር» የሚለው መግለጫው ውስጥ ይቀመጥ፤ የሙያው ሰው በዚያ ያገኘዋል። በወጣ ቪዲዮ ላይ አዲስ ምስል መጨመር አይቻልም፣ መቁረጥ ግን ይቻላል። መክፈቻው ላይ ያለውን የ40 ሰከንድ ሰላምታ ይቆርጠዋል። ያኔ ቪዲዮው የሚጀምረው አሁን ከሰላምታው ቀጥሎ ከሚመጣው ምስል ነው፤ ሳምሰንጉ ላይ `*#0*#` ደውሎ የሴንሰር መሞከሪያውን ይከፍታል፣ አውራ ጣቱን ከስልኩ አናት ላይ ያሳርፋል፣ ስክሪኑ ቀለም ይለውጣል፣ ጣቱን ያነሳል፣ ቀለሙ ግን አይመለስም።